ያልተለወጠ መልስ ሁሉ እውነት አይደለም፦ ተገቢነትና አስተማማኝነት በአንድ የሒሳብ ክፍል ሲፈተሹ

መግቢያ

የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፎችን የሚያነብ ሰው የጥናት ዘዴ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ አንድ የተለመደ አካሄድ ያጋጥመዋል። ጥናቱ መጠናዊ ከሆነ አጥኚው ስለ ተገቢነትና ስለ አስተማማኝነት ይጽፋል፤ መጠይቁን ለባለሙያ አሳይቶ ማስተካከሉን ይገልጽና የክሮንባክ አልፋ ውጤቱ ከ0.70 በላይ መሆኑን ጠቅሶ ያልፋል። ጥናቱ ዓይነታዊ ከሆነ ግን ሁለቱ ቃላት ይጠፋሉ። በምትካቸው ተዓማኒነት፣ ተሸጋጋሪነት፣ ተመኪነትና ተረጋጋጭነት የተባሉ አራት መስፈርቶች ይደረደራሉ፤ ከእያንዳንዳቸው ጎንም «መረጃው ለተሳታፊዎች ተመልሶ ተረጋግጧል» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይቀመጣል። አንባቢም አማካሪም ክፍፍሉን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብሎ ገጹን ይገልጣል።

ክፍፍሉ ግን ባለቤትና ዕድሜ አለው። ኢጎን ጉባ በ1981 (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጠቆመው፣ ከኢቮና ሊንከን ጋር ደግሞ «ናቹራሊስቲክ ኢንኳይሪ» በተባለው የ1985 መጽሐፋቸው ያስፋፉት ነው። በዚህ መጣጥፍ የምከራከረው ክፍፍሉ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል ብዬ ነው። ለመጠናዊም ሆነ ለዓይነታዊ ጥናት የሚቀርቡት ሁለቱ ጥያቄዎች ያው ናቸው። አንደኛው፣ ከመረጃው ተነሥተን የምንሰጠው ፍች ትክክል ነው ወይ? የሚለው ነው፤ ይህ ተገቢነት ነው። ሁለተኛው፣ መረጃው ከዕለቱ ሁኔታ፣ ከጠያቂው ማንነትና ከአጋጣሚ ምን ያህል ነፃ ነው? የሚለው ነው፤ ይህ አስተማማኝነት ነው። ጥያቄዎቹ በሁለት ቋንቋ ሲከፈሉ የቁጥር አጥኚው «ለምን?» ብሎ መጠየቅን ይተዋል፤ የቃለ መጠይቅ አጥኚው ደግሞ «ሌላ ሰው ቢያነበው ያው ይወጣው ነበር?» ብሎ መጠየቅን ይተዋል። ይህንንም አንዲት የ5ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ልታገኝ በምትችለው ቀላል መረጃ አሳያለሁ።

ብዙ የማያከራክረው

ስለ ተገቢነት የተጻፈው ሰፊ ነው፤ እዚህ የሚያስፈልገን ግን ጥቂት ነው። ትሩማን ኬሊ በ1927 አንድ ፈተና ተገቢ የሚባለው ይለካዋል የተባለውን ነገር ሲለካ ነው አለ። ሊ ክሮንባክና ፖል ሚል በ1955 በዓይን የማይታይ ባሕርይን፣ ለምሳሌ መረዳትን ወይም ጭንቀትን፣ የሚለካ ፈተና በአንድ ማስረጃ ብቻ ሊረጋገጥ እንደማይችል አሳዩ። ሳሙኤል መሲክ በ1989 ተገቢነት የፈተናው ንብረት ሳይሆን ከውጤቱ ለምንሰጠው ፍች የሚቀርብ የማስረጃ ሚዛን መሆኑን አስረገጠ። አስተማማኝነት ለተገቢነት አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አለመሆኑም በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኝ ነው። በእነዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ክርክሬ የሚጀምረው ዓይነታዊ ጥናት ከዚህ ቤት ይውጣ ከተባለበት ቦታ ነው።

የጉባና የሊንከን ክፍፍል

ጉባና ሊንከን የተነሡበትን ምክንያት መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። በዘመናቸው የዓይነታዊ ጥናት አጥኚዎች የዘፈቀደ ናሙና ስላልወሰዱና መለኪያ ስላልሠሩ ብቻ «ሳይንሳዊ አይደላችሁም» ይባሉ ነበር። ሁለቱ ምሁራን ለዚህ የሰጡት መልስ ትይዩ ሠንጠረዥ ነው። በአንድ በኩል የመጠናዊው ጥናት ውስጣዊ ተገቢነት፣ ውጫዊ ተገቢነት፣ አስተማማኝነትና ገለልተኝነት ተቀመጡ፤ በሌላው በኩል በቅደም ተከተል ተዓማኒነት፣ ተሸጋጋሪነት፣ ተመኪነትና ተረጋጋጭነት ቆሙ። ለእያንዳንዱ መስፈርትም የሚከናወኑ ተግባራት ተዘረዘሩ፦ በመስኩ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት፣ የተለያዩ የመረጃ ምንጮችን ማመሳከር፣ የሥራ ባልደረባ እንዲተች ማድረግ፣ ትንታኔውን ለተሳታፊዎች መልሶ ማሳየትና የሥራውን ሰነድ ለውጭ መርማሪ ማቅረብ።

ሠንጠረዡ ሦስት ችግር አለበት። የመጀመሪያው አስተማማኝነትን ሳይሞግት ማሰናበቱ ነው። ያለ አስተማማኝነት ተገቢነት ስለማይኖር ተዓማኒነትን ያሳየ ሰው ተመኪነትንም አሳይቷል የሚል መከራከሪያ በ1985ቱ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ሎጂኩ በወረቀት ላይ አይነቀፍም፤ መድረሻው መንገዱን ያረጋግጣል ማለት ነው። በሥራ ላይ ግን ተዓማኒነት በሚታይ ነገር ተረጋግጦ አያውቅም፤ የሚገመተው በተከናወኑት ተግባራት ነው። ስለዚህ ያልተረጋገጠ ነገር ሌላ ያልተረጋገጠ ነገር እንዲያረጋግጥ ይደረጋል። ደራሲዎቹ ራሳቸው ይህን ደካማ መከራከሪያ ብለው የሰነድ ምርመራን መጨመራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን መርማሪው የሚያየው አጥኚው ሥራውን እንዴት እንደሠራ ነው። ያንኑ ጽሑፍ ሌላ ሰው ለብቻው ቢያነብ ያው ፍች ይወጣው እንደሆነ ከሰነዱ አይታወቅም።

ሁለተኛው ችግር ትንታኔን ለተሳታፊ መልሶ ማሳየት የተዓማኒነት ዋነኛ ማረጋገጫ ተደርጎ መቀመጡ ነው። ይህ ዘዴ ተሳታፊው ያለ ፍርሃትና ያለ ይሉኝታ «አይደለም» ማለት ይችላል ብሎ ይነሣል። አንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ መምህሩ አጠገብ ቆሞ የመምህሩን ማጠቃለያ «አይደለም» ይላል ብሎ መጠበቅ ግን ክፍላችንን አለማወቅ ነው። በዕድሜ፣ በሥልጣን ወይም በዕውቀት ከፍ ያለ ሰው ሲያነብለት አድማጩ ራሱን ነቅንቆ የሚያልፍበት ባህል ውስጥ ይህ ማረጋገጫ የሚለካው የትንታኔውን ትክክለኛነት ሳይሆን የተሳታፊውን ትሕትና ነው።

ሦስተኛው ችግር ከሁለቱ ይበልጣል። ሠንጠረዡ ጥያቄን ወደ ተግባር ዝርዝር ይለውጣል። አጥኚው «ፍቼ ስሕተት ሊሆን የሚችለው በምን በምን ምክንያት ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ከተዘረዘሩት ስንቱን አደረግሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ጃኒስ ሞርስና ባልደረቦቿ በ2002 ያነሡት ትችት በዚሁ መስመር ነው፦ ጥናቱ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ማረጋገጫ በጥናቱ ሂደት ውስጥ ሊታረም የሚገባውን ስሕተት አያርምም፤ ስለዚህ የዓይነታዊ ጥናት አጥኚዎች ተገቢነትንና አስተማማኝነትን መልሰው የራሳቸው ያድርጓቸው አሉ። ትችቱ ትክክል ነው፤ ይሁንና ዘዴዎችን በመዘርዘር ስለሚያበቃ ጉዳዩን በአንድ መረጃ ላይ አያሳይም። የሚቀጥሉት ክፍሎች ይህን ለማድረግ ይሞክራሉ።

አሥር ጥያቄ፣ አርባ ተማሪ

40 ተማሪዎች ያሉበት አንድ የ5ኛ ክፍል እናስብ። ቁጥሮቹ ነገሩ በግልጽ እንዲታይ እኔ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ ማንም መምህር ግን በራሱ ክፍል ሊሞክራቸው ይችላል። መምህርቷ ማወቅ የፈለገችው ተማሪዎቿ የክፍልፋዮችን መጠን ማወዳደር ተረድተው እንደሆነ ነው። አሥር ጥያቄ ታወጣለች። እያንዳንዱ ሁለት ክፍልፋዮች ይዟል፤ ተማሪው የሚበልጠውን ያከብባል። 3/4 ወይስ 1/2? 5/6 ወይስ 2/3? 7/8 ወይስ 3/5? 4/5 ወይስ 1/3? ሌሎቹም እንዲሁ።

ውጤቱ ደስ ያሰኛል። 34 ተማሪዎች አሥር ከአሥር ያገኛሉ፤ 6 ተማሪዎች በግምት እየሞሉ አምስት አምስት ያገኛሉ። አልፋን እናስላ። አልፋ የጥያቄዎቹን የተናጠል ልዩነት ድምር ከጠቅላላ ውጤቱ ልዩነት ጋር ያወዳድራል፤ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ በተስማሙ መጠን ወደ 1 ይጠጋል። በዚህ ክፍል የጥያቄዎቹ የልዩነት ድምር 0.694፣ የጠቅላላ ውጤቱ ልዩነት 3.188 ነው። ስለዚህ 10/9 × (1 − 0.694 ÷ 3.188) ወደ 0.87 ይመጣል። ፈተናው በሳምንቱ ቢደገምም ሠላሳ አራቱ ዳግም አሥር ያገኛሉ። ከተለመደው የ0.70 መስመር እጅግ ያለፈ፣ በድጋሚ ፈተናም የጸና ውጤት ነው። በተለመደው አካሄድ ከሆነ የጥናቱ የአስተማማኝነት ክፍል እዚህ ላይ ይዘጋል፤ አጥኚውም «85 በመቶ የሚሆኑት ተማሪዎች ክፍልፋይ ማወዳደርን ተረድተዋል» ብሎ ይጽፋል።

አሁን ጥያቄዎቹን ጠጋ ብለን እንያቸው። በአሥሩም ውስጥ የሚበልጠው ክፍልፋይ ከላይም ከታችም ትልልቅ ቁጥሮች ያሉት ነው። 3 ከ1 ይበልጣል፣ 4ም ከ2 ይበልጣል፤ ስለዚህ 3/4 ይበልጣል። «ትልልቅ ቁጥር ያለው ክፍልፋይ ይበልጣል» የሚል የተሳሳተ ደንብ የያዘ ተማሪ ከአሥሩ አንዱንም አይስትም። በሳምንቱም አይስትም፤ ደንቡ ያው ነውና። የውጤቱ መጽናት የመጣው ከመረዳት ሊሆን ይችላል፤ ከስሕተቱ መጽናትም ሊሆን ይችላል። አልፋ ሁለቱን አይለይም፤ እንዲለይም አልተሠራም።

መምህርቷ ከአሥሩ ሁለቱን አውጥታ በምትካቸው 1/2 ወይስ 3/8? እና 2/3 ወይስ 4/9? የሚሉትን ታስገባ። በሁለቱም ትክክለኛው መልስ ትናንሽ ቁጥር ያለው ክፍልፋይ ነው። አሁን ሠላሳ አራቱ ይከፈላሉ። 24 ተማሪዎች ዳግም አሥር ያገኛሉ፤ 10 ተማሪዎች ግን ስምንቱን መልሰው ሁለቱን ይስታሉ። ስድስቱ ገማቾች እንደ በፊቱ አምስት ላይ ናቸው። ፈተናው በእርግጥ ተሻሽሏል፤ ያልተረዱትን አሥር ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ አሳይቶናልና። አልፋው ግን ወረደ፦ 10/9 × (1 − 0.994 ÷ 3.188) ወደ 0.76 ገደማ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የብዙ አጥኚ ወጥመድ ነው። ውጤቱ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰላ «ይህ ጥያቄ ቢሰረዝ አልፋ ስንት ይሆናል?» የሚል ዓምድ ይወጣል። ከሁለቱ አዳዲስ ጥያቄዎች አንዱ ቢሰረዝ አልፋው ከፍ ይላል፤ ከስምንቱ አንዱ ቢሰረዝ ዝቅ ይላል። ሁለቱም አዳዲስ ጥያቄዎች ቢወጡ የቀሩት ስምንቱ አልፋቸው 0.83 ይሆናል። ቁጥሩን የታዘዘ አጥኚ እንግዲህ የፈተናውን ምርጥ ሁለት ጥያቄዎች ጥሎ፣ እውነቱን የሸፈኑትን ስምንት ይዞ፣ «አስተማማኝነቱ ተሻሻለ» ብሎ ይጽፋል። ይህ የአልፋ ጥፋት አይደለም። ክሮንባክ ራሱ ከሞተ በኋላ በ2004 በታተመው ጽሑፉ አልፋ የሚገባውን ያህል ብቻ እንዲጠየቅ አሳስቧል። ጥፋቱ አስተማማኝነትን በቁጥር፣ ተገቢነትን በባለሙያ ፊርማ ጨርሶ የመሄድ ልማድ ነው።

«ለምን?» የሚለው ጥያቄ

መምህርቷ የተሳሳተውን ደንብ እንዴት ልታውቅ ትችል ነበር? ከአልፋ አይደለም፤ ፈተናውን በመድገምም አይደለም። አንዲትን ተማሪ ጠርታ በመጠየቅ ነው። ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

«3/4ን ለምን መረጥሽ?»

«ስለሚበልጥ ነው፣ ቲቸር።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሦስትም አራትም ትልቅ ናቸው። እነዚያ አንድና ሁለት ናቸው።»

«እሺ፣ አንድ እንጀራ እኩል ለሁለት ቢከፈልና አንዱን ብትወስጂ፣ ሌላው ደግሞ እኩል ለስምንት ተከፍሎ ሦስቱን ወንድምሽ ቢወስድ፣ ማን ብዙ ይደርሰዋል?»

«ወንድሜ፤ ሦስት ነው የወሰደው።»

ሦስት ጥያቄ በቂ ሆነ። ይህ ቃለ መጠይቅ ነው፤ በዓይነታዊው ወገን የሚመደብ ነው። የሠራው ሥራ ግን የመጠናዊውን ፈተና ተገቢነት መመርመር ነው። ከየትኛው ዓምድ እናስቀምጠው? ተዓማኒነት ነው ወይስ ውስጣዊ ተገቢነት? ሠንጠረዡ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም አንዱ መረጃ ሌላውን ይመረምራል ብሎ አላሰበም።

ይህን የሚያሳይ እውነተኛ ጥናት በትምህርት ምርምር ታሪክ ውስጥ አለ፤ ስለ ተገቢነት በሚጻፉ ምዕራፎች ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም። ስታንሊ ኤርልዋንገር በ1973 ያሳተመው የቤኒ ጥናት ነው። ቤኒ በአሜሪካ የ6ኛ ክፍል ተማሪ፣ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። የሚማረው በየግሉ በሚሞላ የሒሳብ መርሐ ግብር ነው፤ አንዱን ክፍል ፈተና በ80 በመቶ ወይም በላይ ያለፈ ተማሪ ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። ቤኒ በፈተናዎቹ እየተሳካለት ይሄድ ነበር፤ መምህርቱም ከጎበዞቹ ትቆጥረው ነበር። ኤርልዋንገር ቁጭ ብሎ ሲያነጋግረው ሌላ ነገር ወጣ። ቤኒ ክፍልፋይን ወደ አስርዮሽ የሚለውጠው ላይኛውንና ታችኛውን ቁጥር ደምሮ ነጥብ በማስገባት ነበር። ስለዚህ ለእሱ 2/10 እና 1.2 አንድ ናቸው፤ 4/11ም 1.5 ነው፤ 11/4ም 1.5 ነው። ደንቡ የራሱ ነው፤ ሳያወላውልም ይጠቀምበታል።

የቤኒ መልሶች አስተማማኝ ነበሩ፤ ፈተናዎቹም ደረጃውን በጽናት አሳይተዋል። ከውጤቱ የተወሰደው «ገብቶታል» የሚል ፍች ግን ሐሰት ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ኤርልዋንገር የልጁን ደንብ ያረጋገጠው ማጠቃለያውን አንብቦለት «እንዲህ ነው አይደል?» ብሎ በማስነቀፍ ወይም በማጸደቅ አለመሆኑ ነው። የልጁ ደንብ ምን መልስ እንደሚያስገኝ አስቀድሞ የሚያስተነብይ አዲስ ጥያቄ ሲቀርብ መልሱ የተጠበቀው ሆኖ ይወጣል ወይስ አይወጣም? የሚለው ነው ማስረጃው። ይህ ደግሞ መምህርቷ 1/2 ወይስ 3/8? የሚለውን ጥያቄ ስታስገባ ያደረገችው ነገር ነው። በቃለ መጠይቅም ሆነ በፈተና የተገቢነት አመክንዮ አንድ መሆኑ እዚህ ይታያል፦ ፍችህ እውነት ከሆነ ምን ይጠበቃል፣ ተፎካካሪው ፍች እውነት ቢሆንስ ምን ይጠበቅ ነበር?

ቃለ መጠይቁስ አስተማማኝ ነው?

እስካሁን ያልኩት የዓይነታዊ ጥናት ወገኖችን ደስ ያሰኝ ይሆናል። ግን ቃለ መጠይቅ ራሱ አይጠየቅም ማለት አይደለም። መምህርቷ አርባዎቹንም አነጋግራ የያንዳንዳቸውን መልስ ጽፋለች እንበል። ከዚያ «ተረድቷል» ወይም «አልተረዳም» እያለች ትመድባቸዋለች። ምደባዋ የእሷ ጆሮ ብቻ የሰማው ቢሆንስ? መፈተኛው ቀላል ነው፦ ያንኑ ጽሑፍ የሥራ ባልደረባዋ የእሷን ምደባ ሳያይ ለብቻው ይመድብ።

ሁለቱም 24ቱን «ተረድቷል»፣ 16ቱን «አልተረዳም» ይላሉ፤ ተማሪ በተማሪ ሲታይ ግን በ36ቱ ይስማማሉ፣ በ4ቱ ይለያያሉ እንበል። ከመቶ ዘጠና ስምምነት ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ጽሑፉን ሳያነቡ በዚሁ መጠን በዕጣ ቢመድቡም በአጋጣሚ ብቻ ወደ 21 በሚሆኑት ይገጣጠሙ ነበር። ስለዚህ መታየት ያለበት ከቀሩት 19 ገደማ ውስጥ በንባብ የተገኘው 15 ገደማ ነው፤ ይህም 0.79 ነው። ጄኮብ ኮኸን በ1960 ያቀረበው ካፓ የሚባለው መለኪያ ይህ ነው። ጥሩ ውጤት ነው፤ ከዘጠናው በመቶ ግን ያነሰ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅሙት ግን ያልተስማሙባቸው አራቱ ጽሑፎች ናቸው። መምህርቷ ከባልደረባዋ ጋር ስታነባቸው ሁለቱ ተማሪዎች «ከግማሽ በላይ ስለሆነ» ብለው ያበቁ ሆነው ይገኛሉ። እሷ ይህን መረዳት ብላዋለች፤ እሱ ምክንያቱ ስላልተነገረ አልተቀበለውም። ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ታችኛውን ቁጥር አመሳስለው ትክክለኛ መልስ አግኝተዋል፤ ለምን እንደሚያመሳስሉ ግን መናገር አልቻሉም። እሷ «አልተረዱም» አለች፤ እሱ «ተረድተዋል» አለ። እዚህ ላይ የአስተማማኝነት ጥያቄ ወደ ተገቢነት ጥያቄ ተሻገረ፦ ለመሆኑ «መረዳት» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስሌቱን መሥራት ነው ወይስ ምክንያቱን ማወቅ? ሁለተኛ አንባቢ ባይኖር መምህርቷ ትርጉሟ ልቅ መሆኑን አታውቀውም ነበር። ተዓማኒነትን ያሳየ ተመኪነትን አሳይቷል የሚለው ሐሳብ የሚያሳጣን ይህን ነው።

የሁለት አንባቢዎች ስምምነት በራሱ የመጨረሻ ዳኛ አይደለም። በአንድ ኮሌጅ የሠለጠኑ ሁለት መምህራን «ታችኛውን ቁጥር አመሳስያለሁ» ያለን ተማሪ ሁሉ አዋቂ አድርገው ቢቆጥሩ ስምምነታቸው ፍጹም ይሆን ነበር፤ ስሕተታቸውም እንዲሁ። ስለዚህ ከስምምነት ባሻገር ማየትን የሚያስተምር ሌላ ምንጭ ያስፈልጋል።

የተዘነጋው የከርክና የሚለር መጽሐፍ

ይህ ምንጭ ጀሮም ከርክና ማርክ ሚለር ስለ ዓይነታዊ ጥናት አስተማማኝነትና ተገቢነት በ1986 ያሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ ነው። ከጉባና ከሊንከን መጽሐፍ አንድ ዓመት ዘግይቶ ወጣ፤ ዝናውን ግን አልተጋራም። ደራሲዎቹ አስተማማኝነትን በሦስት ይለዩታል። አንዱ በተለያየ ጊዜ የሚታይ ጽናት ነው። ሌላው በአንድ ወቅት በተለያየ መንገድ የተገኘ መረጃ መመሳሰል ነው። ሦስተኛው ግን የሚያሳስት ነው፤ አንድ ዘዴ ሁልጊዜ ያንኑ መልስ ሲያመጣ የሚታይ መጽናት ሲሆን፣ ደራሲዎቹ ስሙን ከዶን ኪሾቴ ወስደውለታል። ምሳሌያቸው የአሜሪካውያን ሰላምታ ነው፦ «እንዴት ነህ?» የተባለ ሁሉ «ደኅና» ይላል፤ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ግን ስለ ሰውየው ጤና ምንም አይነግረንም።

ለእኛ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ በየክፍሉ አለ። መምህሩ ክፍልፋይን ገልጾ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ «ገባችሁ?» ይላል። አርባው ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ በሌላ መምህር ፊትም ያው ነው። ከዚህ የበለጠ ጽናት ያለው መረጃ በትምህርት ቤት ውስጥ ማግኘት ያዳግታል፤ ከዚህ ያነሰ ተገቢነት ያለውም እንዲሁ። አጥኚው ይህን በመጠይቅ ቢያስሞላው ሁሉም ቅጽ «አዎ» ብሎ ይመለሳል። በቡድን ውይይት ቢያነሣው «ተሳታፊዎቹ በአንድ ድምፅ ገልጸዋል» ብሎ ይጽፋል። ማጠቃለያውን መልሶ ቢያነብላቸው «አዎ» ይላሉ። ሦስቱም ማረጋገጫዎች አንዱን የጋራ ልማድ ሦስት ጊዜ መዝግበዋል።

ከርክና ሚለር መውጫ መንገድም አሳይተዋል። በደቡብ አሜሪካ ስለ ኮካ ቅጠል ሲያጠኑ ከሰዎች ያገኙት መልስ ሁሉ ከልክ በላይ ይመሳሰልና ከሚታወቀው ጋር ይገጥም ነበር። በዚህ ከመደሰት ይልቅ ተጠራጠሩ። ከዚያ ያልተለመዱ ጥያቄዎችን መጠየቅ ጀመሩ፤ ኮካን ለከብቶች የምትሰጡት መቼ ነው? ዓይነት። የተዘጋጀ መልስ የሌለው ሰው ማሰብ ይጀምራል፤ መልሶቹም መለያየት ይጀምራሉ። በክፍሉ ውስጥ ይህን የሚተካው «ገባችሁ?»ን ትቶ «ሌላ ክፍል ያለ አንድ ልጅ 3/8 ከ1/2 ይበልጣል አለ፤ በሥዕል አሳዩትና አስረዱት» ማለት ነው። ይሉኝታ የሚያስመልሰው «አዎ» እዚህ ቦታ የለውም፤ ልጁ ወይ ይስላል ወይ አይስልም።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ በሁለቱም ወገን ይሠራል፦ ያልተጠበቀ ስምምነት ሲገኝ የስምምነቱ ምንጭ ይጠየቅ። ስምምነቱ ከሚጠናው ነገር ነው የመጣው ወይስ ከጠያቂው፣ ከጥያቄው ቅርጽ፣ ከመላሹ ልማድ? በአሥሩ የሒሳብ ጥያቄ ውስጥ ስምምነቱ ከጥያቄው ቅርጽ መጣ። በ«ገባችሁ?» ውስጥ ከመላሹ ልማድ መጣ። ከሁለቱ አንባቢዎች መሐል ከሥልጠናቸው ሊመጣ ይችል ነበር። ለሦስቱም ሦስት የተለያየ መዝገበ ቃላት አላስፈለገንም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

መጠናዊና ዓይነታዊ ጥናት ስለ እውነት ያላቸው እምነት ይለያያል፣ ዓይነታዊው አጥኚ ብዙ እውነቶች እንዳሉ ስለሚቀበል አንድ መስፈርት ሊጋራ አይችልም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። መልሱ አጭር ነው። «ተማሪዋ ትልልቅ ቁጥር ያለው ይበልጣል ብላ ታምናለች» የሚለው ስለ አንዲት ሰው አስተሳሰብ የቀረበ መግለጫ ነው፤ ትክክል ወይም ስሕተት ሊሆን ይችላል። የእሷን እውነት አከብራለሁ የሚል አጥኚም በትክክል ሊገልጸው ይገባል። ደግሞም ጉባና ሊንከን ራሳቸው በ1989 መጽሐፋቸው የትይዩ መስፈርቶቹ መሠረት ከመጠናዊው ወገን መሆኑን አምነው ሌሎች መስፈርቶችን ጨምረዋል። ክፍፍሉ በባለቤቶቹም ዘንድ ያን ያህል አልጸናም።

አንዲት ተማሪን ወይም ቤኒን ይዞ ስለ ሌሎች መናገር አይቻልም የሚልም አለ። የቤኒ ጉዳይ ስንት ልጆች እንዲህ ያስባሉ የሚለውን አይመልስም፤ እንዲመልስም አልቀረበም። 80 በመቶ ያገኘ ተማሪ ሁሉ ተረድቷል የሚለውን ጠቅላላ አባባል ለማፍረስ ግን አንድ ቤኒ ይበቃል።

እርግጥ ነው፣ እዚህ ያቀረብኩት የክፍል ምሳሌ ለማብራሪያ የተዘጋጀ ነው፤ እውነተኛ ተማሪዎችም እንዲህ በንጹሕ ሦስት ቡድን አይከፈሉም። ሁሉም ዓይነታዊ ጥናት ሁለተኛ አንባቢ ያስፈልገዋል ለማለትም አልደፍርም፤ ለብዙ ዓመት በአንድ ሰው የተካሄደ የመስክ ጥናት ሌላ መንገድ ይሻል። ይህ ግን የሚለውጠው መንገዱን እንጂ ጥያቄውን አይደለም።

ማጠቃለያ

አማካሪዎችና ፈታኞች የጥናት ዘዴ ምዕራፍን ሲያነቡ ከአልፋው ቁጥርና ከአራቱ መስፈርቶች ዝርዝር በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ አሳስባለሁ። የመጠናዊ ጥናት አጥኚውን፣ ቢያንስ ጥቂት መላሾችን አስቀምጠህ «ይህን ለምን መረጥህ?» ብለሃል ወይ? በሉት። የዓይነታዊ ጥናት አጥኚውን፣ ከጽሑፎችህ ጥቂቱን ምደባህን ያላየ ሰው መድቦልሃል ወይ፣ ያልተስማማችሁባቸውስ ምን አስተማሩህ? በሉት። ሁለቱንም፣ መልሶቹ ከሚጠናው ነገር ውጭ በሌላ ምክንያት ሊስማሙ የሚችሉት እንዴት ነው፣ ይህንስ በምን ጥያቄ ፈተንኸው? በሏቸው። ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ጥናት አልፋው 0.90 ቢሆንም፣ አራቱ መስፈርቶች ቢሟሉለትም፣ ገና አልተመረመረምና ወደ አጥኚው ይመለስ።